በውጭ ምንዛሬ መበደር ምንድን ነው? ወለዱን ብቻ ለሚያዩ

"ወለዱ 3.5 ፐርሰንት ነው፣ እሱም ቋሚ ነው፣ ታዲያ እዳው ከየት መጥቶ ይጨምራል?" የሚል ኮመንት ለስንተኛ ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ማለፍ አቃተኝ። ወለዱ ቋሚ ሊሆን ይችላል እኮ፣ እዳህ ግን በደሞዝህ ገንዘብ ስትቆጥረው በየቀኑ ይንቀሳቀሳል።

ፖላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት ብዙ ቤተሰብ የቤት ብድር የወሰደው በስዊዝ ፍራንክ ነው፣ ደሞዛቸው ግን ዝሎቲ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ የፍራንኩ ወለድ ከዝሎቲው ስለሚያንስ። በ2008 አጋማሽ 1 ፍራንክ ወደ 2 ዝሎቲ ነበር። አንድ ሰው ያኔ 100,000 ፍራንክ ለ30 ዓመት በ3.5 ፐርሰንት ወሰደ እንበል። እጁ ላይ የገባው 200,000 ዝሎቲ ነው፣ በየወሩ የሚከፍለው ደግሞ 449 ፍራንክ፣ ማለትም 898 ዝሎቲ።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ 1 ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ከ2011 ጀምሮ ይዞት የነበረውን ወሰን በድንገት ለቀቀው፣ ፍራንኩ በአንድ ቀን ከ3.50 ዝሎቲ አካባቢ ተነስቶ ከ4 በላይ ወጣ። ለሂሳብ እንዲመች 4 እንበለው። ያ 449 ፍራንክ አሁን 1,796 ዝሎቲ ሆነ፣ ሰውየው ግን አንድም ወር ሳያሳልፍ ነው የከፈለው።

ይሄን ሁሉም ያየዋል፣ የማይታየው ዋናው ብድር ነው። ለስድስት ዓመት ተኩል፣ 78 ወር፣ በትክክል ከፍሎ የቀረበት 86,240 ፍራንክ ነው። በፍራንክ ስታየው ቀንሷል። በ4 ስታባዛው ግን ወደ 345,000 ዝሎቲ ይመጣል። 200,000 ተበድሮ፣ 78 ወር ከፍሎ፣ 345,000 እዳ አለበት፣ ቤቱን ቢሸጥ እንኳን እዳውን ላይሸፍንለት ይችላል ማለት ነው።

እንዲህ አስበው። ከጎረቤትህ 10 ባልዲ ውሃ ተበደርክ፣ የምትመልሰውም በባልዲ ነው። አንተ ያለህ ግን ጣሳ ነው፣ ባልዲው 20 ጣሳ ይይዛል፣ ስለዚህ የወሰድከው 200 ጣሳ ነው። ጣሳህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጠበበ ሄዶ ግማሽ ሆነ። አሁን አንዱ ባልዲ 40 ጣሳ ሆነ፣ እዳህም 400። ጎረቤትህ አንድ ጠብታ አልጨመረብህም፣ ደሞዝህ ግን የሚሰፈረው በዛችው በጠበበችው ጣሳ ነው። ደሞዝህ በባልዲ የሚሰፈር ቢሆን፣ ማለትም ገቢህ በዛው በተበደርክበት ገንዘብ ቢሆን፣ ይሄ ችግር ባልነካህ ነበር። ደሞዝ ጣሳው በጠበበው ልክ ቢጨምርም ሸክሙ ይቀላል፣ ግን ደሞዝ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ክፍያው ደግሞ በወሩ ይደርሳል።

እዚህ ጋ አንዱ "ገንዘቡ በ50 ፐርሰንት ከወደቀ እዳው በ50 ፐርሰንት ይጨምራል" ብሎ ሲከራከር አይቻለሁ። አይደለም! ጣሳው ግማሽ ሲሆን እዳው እጥፍ ነው፣ 100 ፐርሰንት። በ75 ፐርሰንት ቢወድቅ አራት እጥፍ ይሆናል። ውድቀቱ በጠለቀ ቁጥር እዳው የሚያድግበት ፍጥነት ይብሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወለዱን ቋሚ ያደረግኩት ሂሳቡ እንዲቀል ነው፣ እውነቱ ግን እዛ አብዛኛው ብድር ተለዋዋጭ ወለድ ነበረው፣ ከ2008 በኋላም የፍራንክ ወለድ በጣም ወረደ። ስለዚህ የወር ክፍያው ሙሉ እጥፍ አልሆነም። ነገሩ ድምፅ ሳያሰማ የገባው በዚህ ነው፣ ሰው የሚያየው ክፍያውን ስለሆነ እዳው ያደገበት አይመስለውም፣ ዋናው ብድር ግን ከምንዛሬው ጋር ያብጣል፣ ወለድ መውረዱ አያድነውም። ባንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብድሩን ሲሰጥህ በመግዣ ዋጋ፣ ስትከፍል በመሸጫ ዋጋ ነው የሚያሰላው፣ ስለዚህ ምንዛሬው ባይነቃነቅ እንኳን ከመጀመሪያው ቀን ትንሽ ትከስራለህ።

እንደዚህ አይነት ብድር ያለው ሰው ታዲያ የወር ክፍያውን ትቶ ቀሪ ዋናውን በውጭ ገንዘቡ ያስጽፍ፣ በዛሬው መሸጫ ዋጋ ያባዛው፣ ከዛ መጀመሪያ እጁ ከገባው ጋር ያስተያየው።

"ታዲያ ወደ አገር ገንዘብ መቀየር ነዋ" ለሚለውም፣ ሀንጋሪ በ2014 መጨረሻ ያወጣችው ሕግ ይሄንኑ ነው ያደረገው፣ የቤት ብድሮቹ በ1 ፍራንክ 256 ፎሪንት ገደማ ሂሳብ ወደ ፎሪንት ተቀየሩ። ከሁለት ወር በኋላ ከመጣው የጃንዋሪ ዝላይ አመለጡ። ግን በ2008 ፍራንኩ 160 ፎሪንት አካባቢ በነበረበት ጊዜ የተበደረ ሰው የተቀየረለት በ160 አልነበረም፣ በመሀል የተጨመረው እዳ በፎሪንት ተቆጥሮ አብሮት ቀረ።