ኮፒ-ኦን-ራይት እና `fork` ርካሽ የሆነበት ምክንያት

ኮፒ-ኦን-ራይት፣ በአማርኛ «ሲጻፍበት መቅዳት» ልንለው የምንችለው፣ አንድ ፕሮሰስ በ`fork` ልጅ ፕሮሰስ ሲፈጥር የወላጁ ሜሞሪ ወዲያው እንዳይገለበጥ የሚያደርግ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘዴ ነው። ወላጅና ልጅ ያንኑ ሜሞሪ ይጋራሉ፤ የሚቀዳውም አንዳቸው ሊጽፉበት የሞከሩት ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዩኒክሶች የፕሮሰሱን ዳታ ሙሉ በሙሉ ይቀዱ ስለነበር፣ 3BSD የተባለው የዩኒክስ ስሪት በ1979 ልጁ የወላጁን ሜሞሪ ተውሶ እንዲሠራና ወላጁ እስከዚያው እንዲቆም የሚያደርገውን `vfork` አስተዋውቋል።

በሊኑክስ ሜሞሪ የሚተዳደረው አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ስፋት ባላቸው ገጾች ነው። `fork` ሲጠራ ከርነሉ ገጾቹን ሳይሆን ገጾቹ የት እንዳሉ የሚያመለክተውን የገጽ ሠንጠረዥ ይቀዳል፤ መጻፍ ይቻልባቸው የነበሩትን የግል ገጾችም በሁለቱም ሠንጠረዦች «ለንባብ ብቻ» ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ፕሮሰስ ሲጽፍ ፕሮሰሰሩ መጻፉን አግዶ ለከርነሉ ያሳውቃል። ከርነሉም ቦታው በሕጉ ሊጻፍበት የሚገባ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አዲስ ገጽ ይመድባል፣ ይዘቱን ይቀዳል፣ የጻፈውንም ፕሮሰስ ወደ አዲሱ ገጽ ያዞረዋል። ገጹን የሚጋራ ሌላ ፕሮሰስ ከሌለ ግን ቅጂ አያስፈልግም፤ የመጻፍ ፈቃዱን መመለስ ብቻ ይበቃል። ዘዴው በእውነት የሚያምረው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም።

የሬዲስ ዳታቤዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ`BGSAVE` ትእዛዝ ሬዲስ ልጅ ፕሮሰስ ይፈጥራል፤ ልጁ በ`fork` ቅጽበት የነበረውን ዳታ ወደ ዲስክ ሲጽፍ ወላጁ ደንበኞቹን ማስተናገዱን ይቀጥላል። ዳታው 8 ጊጋባይት ቢሆን 2,097,152 ገጾች አሉት። ለእያንዳንዱ ገጽ የሠንጠረዡ መዝገብ 8 ባይት ስለሆነ፣ በ`fork` ጊዜ የሚቀዳው ወደ 16 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። በቅጂው ሂደት ወላጁ በ100,000 የተለያዩ ገጾች ላይ ቢጽፍ ተጨማሪው ሜሞሪ 390 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ሁሉንም ገጽ ቢነካ ግን 8 ጊጋባይት ሙሉ ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ርካሽነቱ ወሰን አለው። የ`fork` ዋጋ ከሜሞሪው መጠን ጋር አብሮ ያድጋል፤ ሬዲስም ሠንጠረዡ ተቀድቶ እስኪያልቅ ለቅጽበት ይቆማል። የዚህ ቆይታ በ`INFO` ውጤት ውስጥ `latest_fork_usec` በሚለው ስር በማይክሮሰከንድ ይታያል። በቆዩ የከርነል ስሪቶች ላይ 2 ሜጋባይት የሆኑ ግዙፍ ገጾች ሥራ ላይ ካሉ፣ የአንድ ባይት ለውጥ 2 ሜጋባይት ሊያስቀዳ ስለሚችል ምላሹ ይዘገያል፣ ሜሞሪውም በፍጥነት ያልቃል። የሬዲስ አዘጋጆች ይህን የከርነል ባሕርይ እንዲያጠፉት የሚመክሩትም ለዚህ ነው። ቅጂው እየጨመረ መሆኑን ለማወቅ በልጁ `/proc/<pid>/smaps` ውስጥ `Private_Dirty` የሚለውን ቁጥር መከታተል ይቻላል።