ፓርቲሽኑ ሲመለስ ፒቮቱ የት ነው? ስለ ክዊክሶርት የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መምህር፣ ፓርቲሽኑ ካለቀ ፒቮቱ ትክክለኛ ቦታውን ይዟል አይደል? ታዲያ እሱን ትቼ ግራና ቀኙን ብቻ ስደረድር ውጤቱ ለምን ይበላሽብኛል?»

አልያዘም። ኮዬ ፈጬ ወዳለው ቤቴ ለማስጠናት የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህንኑ እምነት በየሴሚስተሩ ይዘው ስለሚመጡ፣ መሰልቸቴን መደበቅ ካቆምሁ ቆይቻለሁ። ከላይ ያለውን የጠየቀችኝ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ኮዷን በወረቀት አትማ፣ ከአንድም ሁለት ቀን እንዳፈጠጠችበት ነግራኝ ነበር። ክዊክሶርት ቁጥሮችን የሚደረድረው ፒቮት የሚባል አንድ ቁጥር መርጦ አሬዩን ከእሱ አንጻር ለሁለት በመክፈል ነው፤ ይህን የሚከፍለው ፈንክሽን ፓርቲሽን ይባላል። ኮዱ ይህ ነው።

```
def partition(a, lo, hi):
    p = a[lo]
    i, j = lo - 1, hi + 1
    while True:
        i += 1
        while a[i] < p:
            i += 1
        j -= 1
        while a[j] > p:
            j -= 1
        if i >= j:
            return j
        a[i], a[j] = a[j], a[i]

def quicksort(a, lo, hi):
    if lo < hi:
        q = partition(a, lo, hi)
        quicksort(a, lo, q - 1)
        quicksort(a, q + 1, hi)
```

ሁለቱም ፈንክሽኖች ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የለባቸውም፤ ስህተቱ የሁለት የተለያዩ ሰዎችን ዘዴ በአንድ ኮድ ማጣመሩ ላይ ነው። የላይኛው ፓርቲሽን የቶኒ ሆር ነው። ሆር ክዊክሶርትን ያሰቡት እ.ኤ.አ. በ1959 በሞስኮ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ሲሆን ያሳተሙት በ1961 ነው። የታችኛው ፈንክሽን ግን የተጻፈው በኒኮ ሎሙቶ ስም ለሚጠራው ሌላ ፓርቲሽን በሚስማማ መንገድ ነው። በሎሙቶ ዘዴ ፈንክሽኑ ሲመለስ ፒቮቱ በእርግጥ የመጨረሻ ቦታው ላይ ተቀምጧል፣ የሚመለሰውም ኢንዴክስ የፒቮቱ ኢንዴክስ ነው፤ ስለዚህ እሱን ትቶ በ`q - 1` እና በ`q + 1` መቀጠል ትክክል ነው። ተማሪዎች ክፍል ውስጥ የሎሙቶን ይማሩና ፈጣን ነው ሲባል የሰሙትን የሆርን ፓርቲሽን ከሌላ ቦታ ይገለብጣሉ፤ የታችኛውን ፈንክሽን ግን እንዳለ ይተዉታል።

ተማሪዋ ድራይ ረን ሠርቻለሁ፣ ማለትም ኮዱን በወረቀት ላይ በእጄ ተከታትያለሁ ብላ ያሳየችኝ ሠንጠረዥ ስለዚህ ስህተት ምንም አይናገርም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሬዩ `[5, 2, 8, 1, 4]` ሲሆን የመጀመሪያውን መስመር ከጻፈች በኋላ በቀጥታ «5 መሃል ገባ» ብላ ጽፋለች። ይህ ኮዱ የሚያደርገው ሳይሆን እሷ ኮዱ ያደርጋል ብላ የምታምነው ነው። ድራይ ረን የሚጠቅመው እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ ሲሄድ ብቻ ስለሆነ፣ ሠንጠረዡን ወደ ጎን አድርገን በአዲስ ወረቀት እንደገና ጀመርን፤ እሷ `i` እና `j`ን እንድታንቀሳቅስ፣ እኔ ደግሞ ኮዱን መስመር በመስመር እንዳነብላት ተስማማን።

ፒቮቱ `p = 5` ነው። `i` ወደ 0 ይገባል፤ እዚያ ያለው 5 ከ5 ስለማያንስ ይቆማል። `j` ወደ 4 ይገባል፤ እዚያ ያለው 4 ከ5 ስለማይበልጥ እሱም ይቆማል። `i` ከ`j` ስለሚያንስ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉና አሬዩ `[4, 2, 8, 1, 5]` ይሆናል። እዚህ ላይ ፒቮቱ በመጀመሪያው ቅይይር ወደ መጨረሻው ኢንዴክስ መወርወሩን ልብ ትል ዘንድ 5ን በክብ እንድትከብበው አደረግሁ።

በሁለተኛው ዙር `i` 1 ላይ ያለውን 2 አልፎ 2 ላይ ያለው 8 ጋ ይቆማል። `j` ወደ 3 ይወርዳል፤ እዚያ ያለው 1 ስለሆነ ይቆማል። ይለዋወጡና አሬዩ `[4, 2, 1, 8, 5]` ይሆናል። በሦስተኛው ዙር `i` 3 ላይ ያለው 8 ጋ ይቆማል፣ `j` ደግሞ 2 ላይ ያለው 1 ጋ ይቆማል። አሁን `i` ከ`j` ስለበለጠ ፈንክሽኑ 2ን ይመልሳል።

«ኢንዴክስ 2 ላይ ያለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። 1 ነው። የተከበበው 5 አሁንም ኢንዴክስ 4 ላይ ነው። ተማሪዋ ዝም ብላ ወረቀቱን አየችና «እኔ ግን 2 ላይ ያለውን ነው የምዘለው» አለች። ስህተቱን ያገኘችው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ የጨመርሁላት ዝርዝር ብቻ ነበር።

ኮዷ ከዚህ በኋላ የሚደረድረው ከ0 እስከ 1 ያለውን እና ከ3 እስከ 4 ያለውን ነው። `[4, 2]` ወደ `[2, 4]`፣ `[8, 5]` ደግሞ ወደ `[5, 8]` ይለወጣል። ኢንዴክስ 2 ላይ ያለውን 1 ግን ከዚህ በኋላ የሚነካው የለም፤ ውጤቱም `[2, 4, 1, 5, 8]` ሆኖ ይቀራል። የአሬዩ ትንሹ ቁጥር ሦስተኛ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ የቀረው ኮዱ «ይህኛው ደርሷል» ብሎ ስለተወው ነው።

የሆር ፓርቲሽን ሲመለስ የሚሰጠው ዋስትና ከሎሙቶ ያነሰ ነው። ከ`lo` እስከ `j` ያሉት ሁሉ ከፒቮቱ አይበልጡም፣ ከ`j + 1` እስከ `hi` ያሉትም ከፒቮቱ አያንሱም፤ ከዚህ የዘለለ ቃል አይገባም። ፒቮቱ ራሱ በየትኛው ወገን እንደሚያርፍ እንኳ አይናገርም፣ በእኛ ምሳሌም ያረፈው በቀኙ ውስጥ ነው። ስለዚህ `j` የሚያመለክተው የሁለቱን ወገን ወሰን እንጂ ተደርድሮ ያለቀ ቁጥርን አይደለም፣ ኢንዴክስ `j` ላይ ያለውም ቁጥር ከግራው ወገን ጋር አብሮ መደርደር አለበት። ማረሚያው አንድ መስመር ነው።

```
quicksort(a, lo, q)
quicksort(a, q + 1, hi)
```

«ኮዱ ስህተት ቢሆን ኖሮ ሙከራዎቹ ሁሉ ይወድቁ ነበር» የሚለው ሁለተኛው አመለካከት ደግሞ የመጀመሪያውን ደብቆ የሚያኖረው ነው። ተማሪዋ ቀደም ብላ የሞከረችው `[1, 2, 3, 4, 5]` እና `[2, 1]` ነበር፤ በተበላሸው ኮድም ሁለቱም ያልፋሉ። ፒቮቱ ከሁሉም የሚያንስ ከሆነ `j` እስከ `lo` ድረስ ይወርዳል፤ በዚያች አጋጣሚ የሚመለሰው ኢንዴክስ በእርግጥ የፒቮቱ ስለሚሆን ዝላዩ ጉዳት አያደርስም። በቅደም ተከተል የተሰጠ አሬይ ደግሞ በየደረጃው ይህንኑ አጋጣሚ ይፈጥራል። `[3, 1, 2]` ግን ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ውጤቱ `[2, 1, 3]` ይሆናልና። የሦስት ቁጥሮችን ስድስቱንም አሰላለፎች መሞከር ጥቂት ደቂቃ እንኳ የማይወስድ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ተማሪዎች ለምን መቶ የዘፈቀደ ቁጥር አስገብተው ውጤቱን በዓይን ለመመርመር እንደሚመርጡ እስካሁን አልገባኝም።

«እኩል ቁጥሮችን ማቀያየር ብክነት ስለሆነ `<` የሚለውን `<=` ማድረግ ይሻላል።» አይሻልም፤ ኮዱን ያፈርሰዋል። `i`ን የሚያቆመው ከፒቮቱ የማያንስ ቁጥር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ያንን ሚና የሚጫወተው ፒቮቱ ራሱ ነው። `<=` ሲጻፍ ይህ መቆሚያ ይጠፋል። `[4, 4, 4]` ላይ `i` 0ን፣ 1ን፣ 2ን አልፎ ኢንዴክስ 3ን ሊያነብ ሲሞክር ፓይተን `IndexError` ብሎ ይቆማል፤ በሲ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይናገር ከአሬዩ ውጭ ያለ ሜሞሪ ያነባል፣ ይህም የባሰ ነው። ብክነት የተባለው ቅይይርም ጥቅም አለው። `[4, 4, 4, 4]` በ`<` እና በ`>` ሲሠራ ሁለት ጊዜ ተቀያይሮ 1ን ስለሚመልስ አሬዩ እኩል ለሁለት ይከፈላል። የተለመደው የሎሙቶ ፓርቲሽን ግን እኩል ቁጥሮችን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበስብ፣ 1000 እኩል ቁጥሮችን ለመደርደር 499,500 ማነጻጸር ይፈጃል።

«ፒቮቱ የመጀመሪያውም ይሁን የመጨረሻው ለውጥ የለውም» የሚለው በሎሙቶ ዘዴ ለለመደ ሰው ምንም የማያስጠረጥር ይመስላል፤ በሆር ዘዴ ግን የታረመውን ኮድ እንኳ መልሶ ያበላሻል። `p = a[hi]` ብለን `[1, 2]`ን እንሥራ። ፒቮቱ 2 ነው። `i` 1ን አልፎ ኢንዴክስ 1 ላይ ይቆማል፣ `j`ም ኢንዴክስ 1 ላይ ይቆማል፣ ፈንክሽኑም 1ን ይመልሳል። ቀጣዩ ጥሪ ከ0 እስከ 1 ስለሚሆን የተነሳንበት አሬይ ሳይቀንስ ተመልሶ ይመጣል፣ ይህም ያለ ማብቂያ ይቀጥላል። ፓይተን `RecursionError` ብሎ ሲያስቆመው፣ ተማሪዎች `sys.setrecursionlimit` ጽፈው ገደቡን ያሳድጋሉ፤ ይህ አሬዩን አያሳንሰውም፣ ውድቀቱን ያዘገየዋል እንጂ።

ፒቮቱ `a[lo]` ሲሆን ይህ የማይደርስበት ምክንያት በወረቀታችን ላይ ታይቷል። `i` በመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ `lo` ላይ ይቆማል። `j`ም እዚያው ከወረደ የሚመለሰው `lo` ነው፣ ካልወረደ ደግሞ ቅይይር ይደረግና `j` በቀጣዩ ዙር ቢያንስ አንድ እርምጃ ይቀንሳል፤ በሁለቱም መንገድ `j` ከ`hi` ያንሳል፣ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ከዋናው ያጥራሉ። የመሃሉን ቁጥር መጠቀም የፈለገ ሰው ኢንዴክሱን `(lo + hi) // 2` ብሎ ወደ ታች ካጠጋጋው `hi` ላይ ሊያርፍ ስለማይችል ይሠራል። ወደ ላይ ያጠጋጋው ግን በሁለት ቁጥር አሬይ ላይ መልሶ `hi`ን ይመርጣል። የመጨረሻውን ቁጥር የግድ ፒቮት ማድረግ ያለበት ደግሞ ፓርቲሽኑን ከመጀመሩ በፊት ከ`a[lo]` ጋር ያቀያይረው።