የሪሲቨር ኖይዝ ፊገር፦ የመጀመሪያው ማጉያ ለምን ይወስናል?

ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ሬዲዮ ሲከፈት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከፊሉ ከውጭ በአንቴናው የገባ ነው። ከፊሉ ግን ሪሲቨሩ ራሱ የፈጠረው ነው። ሙቀት ባለበት ሁሉ ኤሌክትሮኖች ያለ ዕረፍት ስለሚንቀጠቀጡ እያንዳንዱ የሪሲቨሩ ክፍል ትንሽ ትንሽ ኖይዝ ያዋጣል። ከሳተላይት የሚመጣ ደካማ ሲግናል ለመቀበል ስንሞክር ዋናው ጥያቄ ሲግናሉ ከኖይዙ በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው።

ኖይዝ ፊገር አንድ ክፍል ይህን ጥምርታ ምን ያህል እንዳበላሸው የሚነግረን ቁጥር ነው። መግቢያው ላይ ያለውን የሲግናልና የኖይዝ ጥምርታ መውጫው ላይ ላለው ጥምርታ እናካፍላለን። የሚገኘው ቁጥር ኖይዝ ፋክተር ይባላል፤ በዲቢ፣ ማለትም በሎጋሪዝም ሚዛን፣ ሲጻፍ ደግሞ ኖይዝ ፊገር። መለኪያው ለሁሉም አንድ እንዲሆን፣ በመግቢያው ያለው ኖይዝ 290 ኬልቪን ሙቀት ካለው ምንጭ እንደመጣ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ኖይዝ ፊገሩ 3 ዲቢ የሆነ ክፍል ጥምርታውን በግማሽ ይቀንሰዋል። 0 ዲቢ ማለት ምንም ያላበላሸ ማለት ነው።

ማጉያ ሲግናልን ከኖይዝ አይለይም። ሁለቱንም እኩል ያጎላል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተበላሸ ጥምርታ ከኋላ በሚመጣ ማጉያ አይመለስም። በሌላ በኩል ግን የመጀመሪያው ደረጃ የገባውን ሁሉ 100 እጥፍ አድርጎ ካወጣው፣ ሁለተኛው ደረጃ የሚጨምረው ኖይዝ ከዚያ ትልቅ መጠን አጠገብ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። በቤል ላቦራቶሪስ ይሠራ የነበረው የዴንማርክ ተወላጅ ሃራልድ ፍሪስ ይህን እ.ኤ.አ. በ1944 በአንድ ቀመር አስቀመጠው፦

```
F = F1 + (F2 - 1)/G1 + (F3 - 1)/(G1·G2) + ...
```

F የጠቅላላው ኖይዝ ፋክተር ነው፤ F1፣ F2 እና F3 የየደረጃው ናቸው። G1 እና G2 ደግሞ የየደረጃው ጌይን፣ ማለትም ሲግናሉን ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው ነው። F1 በምንም አልተካፈለም፤ እንዳለ ይገባል። ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ከፊቱ ባለው ጌይን እየተካፈለ ይቀንሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ያስፈልጋል። እዚህ የሚገቡት ቁጥሮች ተራ ጥምርታዎች ናቸው። ዲቢውን እንዳለ ያስገባ ሰው ትክክል የሚመስል ግን ፍጹም የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

አሁን በቁጥር እንየው። ጣሪያ ላይ አንቴና አለ፤ ሪሲቨሩ ታች ቤት ውስጥ ነው። የሚያገናኛቸው ኬብል ሲግናሉን 3 ዲቢ ይቀንሳል። የሪሲቨሩ ኖይዝ ፊገር 6 ዲቢ ነው። በጥምርታ ኬብሉ 2፣ ሪሲቨሩ 4 ይሆናል ማለት ነው። ኬብል ምንም የማያጎላ ዕቃ ሆኖ ኖይዝ ፊገር እንዴት ይኖረዋል ቢባል፣ ሲግናሉን በግማሽ ቀንሶ፣ ራሱ ሙቀት ስላለው የኖይዙን መጠን ግን እንደነበረ ያቆየዋል። ስለዚህ በ290 ኬልቪን ላይ ያለ ኬብል ኖይዝ ፊገሩ ከብክነቱ ጋር እኩል ነው።

ምንም ተጨማሪ ማጉያ ከሌለ ስሌቱ 2 + 3/0.5 ነው፤ 8 ይሆናል። በዲቢ 9። የኬብሉ 3 እና የሪሲቨሩ 6 ዲቢ ተደመሩ ማለት ነው።

አሁን ኖይዝ ፊገሩ 0.5 ዲቢ፣ ጌይኑ 20 ዲቢ የሆነ ጥሩ ኤልኤንኤ፣ ማለትም ኖይዙ ዝቅተኛ የሆነ ማጉያ፣ እንጨምር። በጥምርታ 1.122 እና 100 ነው። ለመሥራት ስለሚመች ታች፣ ሪሲቨሩ አጠገብ ብናስቀምጠው ድምሩ 2.3 አካባቢ ይመጣል፤ 3.6 ዲቢ ማለት ነው። ትልቅ መሻሻል ነው፤ ግን የኬብሉ 3 ዲቢ ከፊት ስለቀደመ እንዳለ ተከፍሏል። ያንኑ ኤልኤንኤ ጣሪያ ላይ፣ አንቴናው ሥር ብናስረውስ? 1.122 + 0.01 + 0.06፣ ማለትም 1.19 ይሆናል። ይህ 0.8 ዲቢ እንኳ አይሞላም። ዕቃው ያው፣ ኬብሉ ያው ነው። የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ልዩነቱ 2.9 ዲቢ ገደማ ይመስላል። ሰማይ ላይ ላነጣጠረ አንቴና ግን በእውነቱ ከዚያ ይበልጣል። ዲቢው የተሰላው መግቢያው 290 ኬልቪን ነው ተብሎ ነው፤ ወደ ላይ ያነጣጠረ ዲሽ የሚያየው ሰማይ ግን በጣም ቀዝቃዛ ነው። አንቴናው 30 ኬልቪን ብቻ ያስገባል እንበል። ከF ላይ 1 ቀንሰን በ290 ስናባዛ፣ ማጉያው ታች ሲሆን ሪሲቨሩ በአጠቃላይ 378 ኬልቪን ያህል ይጨምርበታል፤ ላይ ሲሆን 56። ድምሩ 408 እና 86 ኬልቪን ነው። የጥምርታው ልዩነት ወደ 6.8 ዲቢ ከፍ አለ። ሳተላይትና የሬዲዮ አስትሮኖሚ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከዲቢ ይልቅ በኬልቪን የሚነጋገሩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የጠፈርን ማይክሮዌቭ ጨረር ያገኙትም የመጀመሪያ ማጉያቸው በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ ሜዘር ስለነበር ነው። ያገኙት ትርፍ ሙቀት 3.5 ኬልቪን ገደማ ነበር። ተራ የፊት ማጉያ ይህን በቀላሉ ይውጠው ነበር።

ታዲያ ጌይኑን 30 ዲቢ ብናደርገውስ? ከ0.76 ወደ 0.53 ዲቢ ይወርዳል። ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን አለው። አጠገብ ኃይለኛ የኤፍኤም ወይም የሞባይል ማሰራጫ ካለ እሱም 1000 እጥፍ ጎልቶ ፍሪኩዌንሲውን የሚቀይረው የሪሲቨሩ ሚክሰር ላይ ይወርዳል። ሚክሰሩ ሲጨናነቅ የሌሉ ሲግናሎች ይፈለፈላሉ። ከኤልኤንኤው ፊት ፊልተር ማድረግ ያድናል፤ ግን የፊልተሩ ብክነት በቀጥታ ኖይዝ ፊገሩ ላይ ይጨመራል። በእኔ እይታ ብክነቱ አነስተኛ የሆነ ፊልተር ከፊት አድርጎ ጌይኑን 20 አካባቢ መተው የተሻለ ነው። ጌይኑ 10 ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንሳል፤ በዚሁ ኬብልና ሪሲቨር ድምሩ 2.6 ዲቢ ይደርሳል።

ከ30 ሜጋኸርትዝ በታች ባለው አጭር ሞገድ ላይ ነገሩ ይቀየራል። እዚያ መብረቅና የሰው ሠራሽ ዕቃዎች የሚፈጥሩት ኖይዝ ከሪሲቨሩ ኖይዝ እጅግ ስለሚበልጥ ኤልኤንኤ ብዙ ጊዜ ምንም አይፈይድም። የሲግናል መለኪያው ቀስት ከፍ ይላል፤ የሚሰማው ግን ያው ነው። ኖይዙም አብሮ ከፍ ብሏልና።

ዲሽ ያለው ሰው ሥራውን በቀላሉ መፈተሽ ይችላል። የሪሲቨሩን አውቶማቲክ ጌይን ያጠፋል፤ ዲሹን ባዶ ሰማይ ላይ አድርጎ የኖይዙን መጠን ይመዘግባል፤ ከዚያ ወደ መሬት ያዞረዋል። መሬቱ 290 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከላይ ባየናቸው ቁጥሮች ማጉያው አንቴናው ሥር ከሆነ ኖይዙ 6 ዲቢ ያህል መጨመር አለበት። ታች ከሆነ 2 ዲቢ ብቻ ይጨምራል። ጭማሪው ግማሽ ዲቢ ገደማ ከሆነ ውጤቱ ማጉያ ጨርሶ ከሌለበት ጋር አንድ ነው። ያኔ መጀመሪያ መታየት ያለበት በኬብሉ ወደ ኤልኤንኤው የሚሄደው የዲሲ ቮልቴጅ ደርሶ እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ውኃ የገባበት ማገናኛ እንዳለ።