«ገንዘቡ አይመለስም»፦ ስረዛ በሆቴል ማረጋገጫ መልእክት ውስጥ

ሆቴሎች ለአንድ ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋጋ ያወጣሉ። ርካሹ አስቀድሞ ተከፍሎ የማይመለስ ነው፤ ውዱ ደግሞ እስከ ተወሰነ ቀንና ሰዓት ድረስ ያለ ክፍያ ሊሰረዝ ይችላል። እንግዳው የትኛውን እንደገዛ በእጁ የሚቀረው ማስረጃ የማረጋገጫው መልእክት ነው።

ብዙ መልእክቶች «የማይመለስ ዋጋ» ብለው ያልፋሉ። ይህ አነጋገር ምን ሲሆን እንደማይመለስ አይናገርም። ቀን መቀየርም ያስቀጣል? እንግዳው ሳይመጣ ቢቀርስ? ግልጹ አጻጻፍ ድርጊቱን ይጠራል፦ «ይህ የቅናሽ ዋጋ ነው። ቢሰርዙ፣ ቀን ቢቀይሩ ወይም ባይመጡ የከፈሉት 9,000 ብር አይመለስም።» ክፍያውን «ቀብድ» ማለት ግን አይመከርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የራሱ ደንብ አለው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ሲተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ባለሆቴሉ ይህን ቃል ሲጽፍ ያላሰበውን ግዴታ ሊጠራ ይችላል።

ትልቁ ችግር ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ለጥምቀት ጎንደር ውስጥ ከጥር 9 እስከ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሦስት ሌሊት ክፍል ያዘ እንበል። ዋጋው የሚሰረዘው ዓይነት ሲሆን በጠቅላላው 12,000 ብር ነው። የሆቴሉ ኮምፒውተር የስረዛውን ገደብ «ጥር 6፣ 12:00» ብሎ ያትማል። ኮምፒውተሩ ቀትርን ማለቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት። እንግዳው ግን 12 ሰዓትን ከምሽቱ ጋር አገናኝቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰርዛል፤ ገደቡ ካለፈ አምስት ሰዓት ሆኖታል። «ከመግቢያ 72 ሰዓት በፊት» የሚለውም አይሻልም፤ መግቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን አስታውሶ ወደ ኋላ መቁጠር የእንግዳው ሥራ ይሆናል። እኩለ ሌሊትም ለገደብ አይመችም፤ «የጥር 6 ሌሊት» ለአንዱ ወደ አምስት፣ ለሌላው ወደ ሰባት የተጠጋ ነው።

የሚከተለው አጻጻፍ ለስህተት ቦታ አይሰጥም፦

«እስከ ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 14፣ 2026)፣ ከቀኑ 6 ሰዓት (12:00) በኢትዮጵያ ሰዓት ከሰረዙ 12,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከሰረዙ ወይም ካልመጡ የአንድ ሌሊት ዋጋ፣ ማለትም 4,000 ብር፣ ተቀንሶ 8,000 ብር ይመለሳል።»

«በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለው ከውጭ ለሚመጡ ወገኖች የተጨመረ ነው። ዋሽንግተን በጃንዋሪ ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚያ ያለ እንግዳ ገደቡ የሚያልቀው በሰዓቱ ላይ ገና ከንጋቱ 4:00 ሲል ነው። ስለዚህ መሰረዝ ከፈለገ ማክሰኞ ማታ ከመተኛቱ በፊት መሰረዝ አለበት።