አብዞርፕሽን እና ማርጂናል ኮስቲንግ፦ ስቶኩ ትርፉን እንዴት ይቀይረዋል

አንድ ፋብሪካ በአንድ ወር ውስጥ ያመረተው ያው፣ የሸጠው ያው፣ ያወጣው ብር ያው ሆኖ አንዱ ሪፖርት አትርፏል ሌላው ደግሞ ከስሯል ሊለው ይችላል፣ ማንም ምንም ሳያጭበረብር። ሁለቱ ዘዴዎች የሚለያዩት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፊክስድ ኦቨርሄድ የሚባለው፣ ማለትም የሼድ ኪራይ፣ የማሽን ዲፕሪሲዬሽን፣ የሱፐርቫይዘር ደሞዝ፣ ብቻ ብታመርትም ባታመርትም የማይቀረው የማምረቻ ወጪ መቼ ነው ከትርፍ ላይ የሚቀነሰው?

አብዞርፕሽን ኮስቲንግ ይህን ወጪ ለተመረተው ዕቃ ሁሉ ያካፍለዋል። ስለዚህ ያልተሸጠው ዕቃ ድርሻውን ተሸክሞ መጋዘን ይገባል፣ ባላንስ ሺት ላይም ንብረት ሆኖ ይቀመጣል፣ ወጪ የሚሆነው ሲሸጥ ነው። ማርጂናል ኮስቲንግ (ዩኒቨርሲቲ ቫሪያብል ኮስቲንግ ብለው ያስተምሩታል) ግን ስቶኩን የሚተምነው እንደ ጥሬ ዕቃ ባሉት ተለዋዋጭ ወጪዎች ብቻ ነው፣ የወሩ ኪራይ የወሩ ነው ብሎ እዚያው ይቀንሰዋል። የሽያጭ እና የአስተዳደር ወጪ በሁለቱም ስቶክ ውስጥ አይገባም፣ ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ለስሌት እንዲመች የደብተር ፋብሪካ እንውሰድ። አንድ ደርዘን በ1,000 ብር ይሸጣል፣ ተለዋዋጭ ወጪው 600 ብር ነው፣ የወሩ ፊክስድ ኦቨርሄድ 3,000,000 ብር ነው፣ በኖርማል ወር ደግሞ 10,000 ደርዘን ያመርታል፣ ስለዚህ ለአንድ ደርዘን 300 ብር ይደርሳል። ሐምሌ ላይ መጋዘኑ ባዶ ነበር እንበል፣ 10,000 አምርቶ 7,000 ሸጠ፣ 3,000 ለትምህርት መክፈቻ ቀረ። በአብዞርፕሽን የአንዱ ዋጋ 900 ስለሆነ በደርዘን 100 ብር አትርፎ 700,000 ብር ትርፍ አሳየ። በማርጂናል ግን ኮንትሪቢውሽኑ፣ ማለትም ከመሸጫው ዋጋ ተለዋዋጭ ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው፣ 400 ሲባዛ በ7,000፣ 2,800,000 ብር ነው፣ 3,000,000ው ሲቀነስ 200,000 ብር ኪሳራ! በመሃል ያለው 900,000 ብር የትም አልጠፋም፣ ያልተሸጡት 3,000 ደርዘኖች ላይ የተጫነው 300 ብር ነው።

ነሐሴ ላይ 10,000 አምርቶ 13,000 ሲሸጥ ነገሩ ይገለበጣል። አብዞርፕሽን 1,300,000 ትርፍ ሲል ማርጂናል 2,200,000 ይላል፣ ምክንያቱም ከሐምሌ የተሻገረው 900,000 በአብዞርፕሽን አሁን ነው ወጪ የሚሆነው። ሁለቱን ወር ደምረው፣ በሁለቱም ዘዴ 2,000,000 ብር ነው። ስቶክ ሲጨምር የአብዞርፕሽን ትርፍ ይበልጣል፣ ሲቀንስ ያንሳል፣ ካልተቀየረ (የአንዱ ዕቃ ወጪም ያው ከሆነ) እኩል ናቸው።

ይህ ነገር ድሮም ሰው አስቸግሯል። እ.ኤ.አ በ1936 አሜሪካዊው ጆናታን ሃሪስ ዳይሬክት ኮስቲንግ ብሎ ማርጂናሉን ሲያስተዋውቅ መነሻው ሽያጭ ጨምሮ ትርፍ ለምን ቀነሰ የሚል ጥያቄ ነበር፣ መልሱም ምርት ስለቀነሰ የሚል ነው።

አሁን ወደ ተንኮሉ እንምጣ። ያው ሐምሌ ላይ ሽያጩ 7,000 ሆኖ ማናጀሩ 12,000 አስመርቶ ቢሆንስ? ኦቨርሄዱ በደርዘን ወደ 250 ይወርዳል፣ ትርፉ 1,050,000 ይሆናል። አንድ ተጨማሪ ደብተር ሳይሸጥ 350,000 ብር ጨመረ ማለት ነው፣ ቦነሱ በትርፍ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ መጋዘን መሙላት ያዋጣዋል፣ በማርጂናል ግን ያው 200,000 ኪሳራ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ለማየት ከትርፉ አጠገብ ካሹን ማየት ነው፣ ትርፍ እያደገ ከሥራው የሚገባው ካሽ ከቀነሰ እና ስቶኩ ከሽያጩ ፈጥኖ ካበጠ መጋዘኑን ሄዶ መቁጠር ያስፈልጋል።

የስቶክ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደንብ የሆነው አይ ኤ ኤስ 2 ለውጭ ሪፖርት አብዞርፕሽንን ያስገድዳል፣ ግን ገደብ አለው። ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ 6,000 ብቻ ቢያመርት ኦቨርሄዱን ለ6,000 አካፍሎ 500 ብር መጫን አይቻልም፣ በኖርማሉ 300 ይጫናል፣ የተረፈው 1,200,000 ብር እዚያው ወር ላይ ወጪ ይሆናል። ደብተሩ የሚሸጥበት ዋጋ፣ መሸጫ ወጪው ተቀንሶ፣ ከወጣበት በታች ከወረደም ስቶኩ ወደዚያ ዝቅ ይላል።

በኔ አስተያየት ማርጂናሉ ለዋጋ ውሳኔ ይሻላል፣ እንደ ደብተር ክረምቱን ሙሉ ተከማችቶ መስከረም አካባቢ ለሚሸጥ ዕቃ ግን መጀመሪያ ኪሳራ ቀጥሎ የተጋነነ ትርፍ እያሳየ ባለቤቱን ያስደነግጣል። ይህ ደንብ ያለበትን አይ ኤፍ አር ኤስ በሚከተል ድርጅት ውስጥ ዓመቱን በማርጂናል የቆየ አካውንታንት ዓመቱ ሲዘጋ የመዝጊያ ስቶኩን ፊክስድ ኦቨርሄድ ይደምራል፣ የመክፈቻውን ይቀንሳል፣ ለኦዲተር የሚያቀርበው ትርፍ ያኔ ይወጣል።