ቢ1 ነኝ ማለት ምን ማለት ነው? ደረጃን በሐቅ መለካት

እዚህ እኛ ሰፈር ኮዬ ፈጬ ጀርመንኛ የሚማር ወጣት ብዙ ነው፣ አብዛኛው ለአውስቢልዱንግ፣ ማለትም ጀርመን ሄዶ እየሠራ ሙያ ለመማር ብሎ ነው የሚማረው፣ የት ደረሳችሁ ስትሏቸው "ቢ1 ጨርሰናል" ይላሉ። የጨረሱት ግን ኮርሱን ነው። ኮርስ ጨርሶ ደረጃው ላይ አለመድረስ በጣም ያጋጥማል፣ እና ይሄ ለፈተና ብር ከተከፈለ በኋላ ሳይሆን ከዛ በፊት ቢታወቅ ነው ጥሩው።

የቋንቋ ደረጃዎቹ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ናቸው፣ የአውሮፓ ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2001 ያወጣው ማዕቀፍ ነው። ራሳችሁን የምትለኩበት ሰንጠረዥ አለው፣ እሱ ላይ ስንት ሰዋሰው ታውቃለህ የሚል ነገር የለም፣ ይሄን ይሄን ማድረግ እችላለሁ የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው ያሉት። የሚለካውም አምስት ነገር ለየብቻ ነው፣ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር ማውራት፣ ብቻን ማውራትና መጻፍ። ስለዚህ አንድ ሰው በማንበብ ቢ1 ሆኖ በማዳመጥ ኤ2 ቢሆን ምንም የሚገርም ነገር የለውም፣ እንደውም የተለመደው እሱ ነው።

ኤ2 እና ቢ1 የሚለዩት የት ጋ ነው? እኔ ከሰው ጋር ማውራት የሚለው ላይ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ። ኤ2 ላይ ያለ ሰው አጭር ሰላምታና አጭር ልውውጥ ይችላል፣ ግን ወሬውን ራሱ ይዞ ለመቀጠል የሚበቃ አይሰማም። ቢ1 ደግሞ በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ሳይዘጋጅ ወሬ ውስጥ መግባት ይችላል ነው የሚለው። ሳይዘጋጅ የምትለዋን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ራሱን የሚለካው በቃሉ በያዘው "ስሜ እንትና ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው" በሚለው ንግግር ነው፣ እሱ ደግሞ የማስታወስ ችሎታን እንጂ ቋንቋን አያሳይም።

አንዲት ጎረቤታችን ኮርሱን ጨርሳ ለፈተና ልትመዘገብ ስትል እንዲህ አደረግን። የክላስ ጓደኛዋ እሷ ሳታይ ርዕስ ጻፈችላት፣ "ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚል፣ ከዛ ስልኳ ላይ እየቀዳች ሁለት ደቂቃ አወራች። ጄሪካን ማለት ፈልጋ ቃሉ ጠፋባት፣ ትንሽ ቆመችና "ግሮሰ ፕላስቲክፍላሸ" ብላ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለችው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚሸከሙትም ተናገረች። ስህተት ነበረባት፣ ቆም ቆም ትል ነበር፣ ግን ይሄ ቢ1 ነው። ቃል ለመፈለግ መቆምና ያጣችሁትን ቃል ዞራችሁ መግለጽ እዚህ ደረጃ ላይ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ በዚህ ምክንያት ራሳችሁን ዝቅ እንዳታደርጉ።

ማዳመጥ ላይ ግን ሌላ ሆነ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የጀርመን ባህል ተቋም፣ የጎተ ኢንስቲትዩት፣ ድረገጽ ላይ በነጻ ያለውን የቢ1 ልምምድ ፈተና ከፈትንላት። የማዳመጥ ፈተናው አራት ክፍል አለው፣ አንደኛውና አራተኛው ሁለቴ ይሰማል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንዴ ብቻ። ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሁሉንም እየመለሰች ነበር የምትሰማው፣ ለዛ ነው ጥሩ ነጥብ ስታገኝ የቆየችው። አሁን ስልኩ ከእጇ ርቆ አንዴ ብቻ ስትሰማ ሰዓትና ቦታ ያዘች፣ ሰውየው ለምን እንደቀረ ግን አልገባትም። ነጠላ መረጃ መያዝ እና ዋናውን ሐሳብ ማጣት በአብዛኛው የኤ2 ምልክት ነው።

ለመጻፍም ያው ነው፣ 80 ቃል በ20 ደቂቃ፣ መዝገበ ቃላትም ትርጉም አፕም የለም። ለማንበብ ከማታውቁት ጽሑፍ መቶ ቃል ቁጠሩና ያላወቃችኋቸውን አስምሩ፣ ከአምስት በላይ ከሆነ እያነበባችሁ ሳይሆን እየገመታችሁ ነው።

ኦንላይን ያሉት አራት ምርጫ ያላቸው ፈጣን ፈተናዎች ላይ ብዙ አትመኩ። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በግምት ሩቡን ሊያገኝ ይችላል፣ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ አይቶ መለየት ራስ ከማውጣት በጣም ይቀላል።

የጎተ ቢ1 በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር ለየብቻ ከ100 ነጥብ 60 ነው የሚፈልገው፣ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። ስለዚህ ጎረቤታችን ምዝገባውን አቆይታ ማዳመጥ ላይ ብቻ ልትሠራ ነው፣ እንደገና ስትለካ ግን በሌላ የልምምድ ፈተና መሆን አለበት፣ የመጀመሪያውን ከነመልሱ ለምዳዋለች።