ኩፍኝ፣ ጉድፍ እና የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ፦ የሽፍታቸው ልዩነት

ትኩሳትና ሽፍታ በአንድነት የታዩበት ሕፃን ብዙ ጊዜ «ኩፍኝ ወጣበት» ይባላል። ሦስቱ በሽታዎች ግን በሁለት ጥያቄዎች በአመዛኙ ይለያሉ፦ ሽፍታው የት ጀምሮ ወዴት ሄደ? ውሃስ ቋጥሯል? የሽፍታው ቀለም ያን ያህል አያግዝም። መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» የሚሉት በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይጎላ ስለሚችል ቆዳውን በጥሩ ብርሃን ማየትና በጣት መዳሰስ ይሻላል።

ኩፍኝ በሽፍታ አይጀምርም። ከሁለት እስከ አራት ቀን ከፍተኛ ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ይቀድሙታል። በእነዚህ ቀናት አንዳንድ ጊዜ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በመንጋጋ ጥርሶች ትይዩ፣ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ቆፕሊክ የሚባሉት እነዚህ ምልክቶች ቶሎ ስለሚጠፉ አለመታየታቸው ኩፍኝ አይደለም አያሰኝም። ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፀጉር መነሻ ይጀምርና ፊትን ይሸፍናል፤ ከዚያም በሦስት ቀን ገደማ አንገትን፣ ደረትንና ሆድን አልፎ እስከ እግር ይወርዳል። ጠፍጣፋና ትንሽ ከፍ ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ፊትና አንገት ላይ እርስ በርስ ይያያዛሉ እንጂ ውሃ አይቋጥሩም። ሲጠፋም በወጣበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ይጠፋል፤ ቆዳው ይጠቁርና እንደ ደቃቅ ብናኝ ይላጣል።

ጉድፍ ቀለል ባለ ትኩሳት ይጀምራል፤ በትንንሽ ልጆች ሽፍታው የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። በደረት፣ በጀርባ፣ በፊትና በራስ ቅል ላይ ይበዛል፤ እጅና እግር ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መጀመሪያ ትንሽ ነጠብጣብ ይወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ያብጥና ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ ንጹሕ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ በመጨረሻም ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። አዳዲሶቹ ለጥቂት ቀናት በየተራ መውጣታቸውን ስለማያቆሙ በአንድ መዳፍ ስፋት ባለ ቆዳ ላይ ነጠብጣቡም፣ ውሃ የቋጠረውም፣ ቅርፊቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የጉድፍ መለያ የለም። ማሳከኩም ብርቱ ነው።

የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ከከብቶች አፍተግር ጋር ስሙ እንጂ ቫይረሱ አንድ አይደለም፤ ልጁን ከከብት አልያዘውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑትን ነው። ምላስ፣ ድድና የጉንጭ ውስጥ ላይ የሚያም ቁስል ይወጣል፤ ልጁ ምራቁን ያዝረበርባል፣ ምግብም እምቢ ይላል። ቀጥሎ በመዳፍና በእግር ጫማ ላይ ሞላላ፣ ግራጫ መልክ ያላቸው፣ ጠርዛቸው የቀላ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ይታያሉ። መቀመጫ ላይም ሊወጣ ይችላል። ጉድፍ መዳፍንና የእግር ጫማን ብዙም አይነካም፤ ኩፍኝም እዚያ ቢደርስ መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ውሃ ሳይቋጥር።

ለመለየት ችግር የሚፈጥረው ይህን በሽታ ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ኮክሳኪ ኤ6 የተባለው ቫይረስ ነው፤ ከተለመዱት ቦታዎች አልፎ ሰፊ ቆዳ ስለሚሸፍን ጉድፍ ይመስላል። አንዲት የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አፏ ዙሪያ፣ ክርኗና ጉልበቷ ላይ፣ መቀመጫዋም ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት እንበል። ቤተሰቡ ጉድፍ ነው ይላል። ፀጉሯ ገለጥ ሲደረግ የራስ ቅሏ ንጹሕ ነው፤ ደረቷና ጀርባዋ ላይ ያለውም ጥቂት ነው። ሽፍታው ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ነው፤ ትኩስና የደረቀ አልተቀላቀለም። ምላሷ ላይ ሁለት ቁስሎች አሉ፤ መዳፏም ላይ ጥቂት ሞላላ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ይህ ሥርጭት ከጉድፍ ይልቅ የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታን ያመለክታል። ይሁን እንጂ የአፍ ቁስል ብቻውን አይወስንም፤ ጉድፍም አፍ ውስጥ ሊወጣ ይችላል።

መለየቱ የሚደረገውን ይቀይራል። በኩፍኝ የተጠረጠረ ልጅ በትንፋሽ የሚወጣው ቫይረስ በአየር ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ስለሚቆይ በተጨናነቀ መጠበቂያ ክፍል መቀመጥ የለበትም። ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ አራት ቀን ያስተላልፋል። ሳንባ ምችና የዓይን ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ቫይታሚን ኤ በጤና ባለሙያ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ መጠኑም በዕድሜ ይለያል። በኢትዮጵያ መደበኛው የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለቱንም የወሰደ ልጅ የመያዙ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ጉድፍ የያዘው ልጅ ሁሉም ቁስል ቅርፊት እስኪሠራ ከሌሎች ይለያል፤ አእምሮንና ጉበትን የሚጎዳ አደገኛ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል አስፕሪን አይሰጠውም።

ከላይ ለተጠቀሰችው ልጅ ዋናው ሥጋት የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ይሰጣታል፤ ሽንቷ ከቀነሰ፣ እያለቀሰች እንባ ከሌላት ወይም ከደነዘዘች ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትወሰዳለች። ቫይረሱ በሰገራ ለሳምንታት ስለሚወጣ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ዳይፐር የሚቀይር ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ከሳምንታት በኋላ ጥፍሯ ከሥሩ ተነሥቶ ቢወልቅ ይህም ኤ6 የሚያስከትለው ነው፤ ሕክምና ሳያስፈልገው አዲሱ ይበቅላል።